ሰረገላው ገብቷል፤ በሩ ግን በጉልበት ካልገፉት አይዘጋም

የጉለሌዋ (ጠያቂ)፣ ቅዳሜ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው በወላጆቼ አሮጌ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የመኝታ ክፍሉ መዝጊያ በምስጥ ስለተበላ ባለፈው ወር 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ የዋንዛ መዝጊያ አሠርቼ በአሮጌው መቃን ላይ አስገጥሜአለሁ። ማጠፊያዎቹን የገጠመልኝ አናጢ ሰረገላውን ሳያስገባ ወደ ሌላ ሥራ ስለሄደ፣ መሰርሰሪያና መሮ ተውሼ ሥራውን ራሴ ጨረስኩት። ሰረገላው ከገበያ የገዛሁት ተራ ዓይነት ነው፤ ላዩ ላይ በእጀታ የሚሳብ ሸርተት ያለ ምላስ፣ ከሥሩ ደግሞ በቁልፍ የሚወጣ አራት ማዕዘን ምላስ አለው። መቀበያውን ብረትም በመቃኑ ላይ ቦታውን ቆፍሬ በሁለት ቪቴ አስሬዋለሁ።

ችግሩ ይህ ነው። በሩን ቀስ ብዬ ስዘጋው ምላሱ መቀበያውን ነክቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መዝጊያውም መቃኑ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ምላሱ ወደ ቀዳዳው ብቅ አይልም። እጄን ሳነሣ በሩ ተመልሶ ይከፈታል። በጉልበቴ ገፋ ካደረግሁት አንዳንዴ «ቀጭ» ብሎ ይገባል፣ አንዳንዴም አይገባም። መቀበያውን ለመትከል ስለካ ከመዝጊያው የክፍል ወገን ፊት እስከ ምላሱ ድረስ 13 ሚሊ ሜትር አግኝቼ፣ ያንኑ 13 ሚሊ ሜትር ከመቃኑ የክፍል ወገን ጠርዝ ወደ ውስጥ ለክቼ ነው ምልክት ያደረግሁት። ስለዚህ ልኬቴ የተሳሳተ አይመስለኝም። የት ላይ እንደተሳሳትኩ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

ቶሎ ይለቅ፣ ቅዳሜ ምሽት

እህቴ፣ ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። የመቀበያውን ቀዳዳ በሞረድ ሰፋ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ የሦስት ክፍል በሮች በዚህ መንገድ አስተካክያለሁ። ምላሱንም ዘይት ቀቢው፤ አዲስ ሰረገላ ሁልጊዜ ደረቅ ስለሆነ ይዘገያል። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ የምላሱን ሸርታታ ጎን ጥቂት ሞርደሽ ታሳጥሪዋለሽ።

ዳሞት 7፣ ቅዳሜ ምሽት

እኔም ቤት ተመሳሳይ ችግር ነበር። ቁልፉ በግማሽ ይዞርና ይቆማል፤ በኃይል ካዞርኩት ሊሰበር ይደርሳል። በመጨረሻ ሲሊንደሩን ቀየርኩት፤ ሆኖም ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ሲሊንደር በመቀየር ገንዘብሽን እንዳታባክኚ ልመክርሽ ፈልጌ ነው።

የጉለሌዋ፣ ቅዳሜ ምሽት

አመሰግናለሁ። ዳሞት 7፣ የእኔ ቁልፍ ግን በሚገባ ይዞራል፤ የሚያስቸግረኝ በእጀታው የሚሠራው የላይኛው ምላስ ነው። ቶሎ ይለቅ፣ ከመሞረዴ በፊት የትኛውን የቀዳዳ ጠርዝ እንደምሞርድ ማወቅ ይኖርብኛል። አራት ጠርዞች አሉት፤ ሁሉንም ካሰፋሁ በሩ ተዘግቶ የሚንኳኳ መሰለኝ።

መሮ በእጄ፣ እሑድ ጠዋት

የመጨረሻው ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፣ ልጄ። ሞረድ ከማንሣትሽ በፊት ግን ጥፋቱ በመዝጊያው ውስጥ ይሁን በመቃኑ ላይ መለየት አለብሽ። አብዛኛው ሰው ይህን ሳይለይ መቀበያውን ሲያሰፋ ይውልና በመጨረሻ የሚንኳኳ በር ይዞ ይቀራል።

በሩን ክፈቺው። ምላሱን በአውራ ጣትሽ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገፍተሽ በድንገት ልቀቂው። ከዚያም እጀታውን እስከ ታች ተጭነሽ እንዲሁ በድንገት ልቀቂው። በሁለቱም ጊዜ ምላሱ ሙሉ በሙሉ፣ ሳያመነታ፣ ተወንጭፎ መውጣት አለበት። ዘግይቶ ከወጣ ወይም መንገድ ላይ ከቆመ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የታመመ ስለሆነ መቀበያው ምንም አላጠፋም ማለት ነው። በፍጥነት ከወጣ ደግሞ ሰረገላውን ተዪውና ወደ መቃኑ ሂጂ።

ሁለተኛው ፍተሻ ልኬት ነው። አንቺ የለካሽው ከክፍሉ ወገን ነው፤ ስሕተቱም ከዚያ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም። መዝጊያው ሲዘጋ የሚያቆመው የመቃኑ የክፍል ወገን ጠርዝ አይደለም፤ የሚያቆመው መዝጊያው ተጠግቶ የሚያርፍበት የመቃኑ ጥርስ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ልኬቶች ከማረፊያው መጀመር ያስፈልጋል። በመዝጊያው ላይ፣ ማረፊያውን ከሚነካው ፊት ተነሥተሽ እስከ ምላሱ ቀጥ ያለ ጎን ድረስ ለኪ። ልብ በዪ፤ ሸርታታው ጎን አይደለም፤ ቀጥ ያለውና ወደ ክፍሉ የዞረው ጎን ነው። በመቃኑ ላይ ደግሞ ከማረፊያው ተነሥተሽ እስከ መቀበያው ቀዳዳ የክፍል ወገን ጠርዝ ድረስ ለኪ። በሩን ዘግቶ የሚይዘው ይህ ጠርዝ ነው። የመቃኑ ልኬት ከመዝጊያው ልኬት በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ካነሰ ምላሱ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብዙ ከበለጠ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ነፋስ ያንኳኳዋል።

ሁለቱን ልኬቶችና የመጀመሪያውን ፍተሻ ውጤት ጻፊልን።

ቶሎ ይለቅ፣ እሑድ ጠዋት

ጋሼ፣ እኔም እኮ ያልኩት ያንኑ ጠርዝ ሞርጅው ነው።

መሮ በእጄ፣ እሑድ ጠዋት

የትኛውን ጠርዝ እንደሆነ አልነገርካትም እንጂ አካሄድህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ምላሱን መሞረድን በተመለከተ ግን አልስማማም። ሸርታታው ጎን የተሠራው መቀበያውን ሲነካ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው፤ በእጅ ሲሞረድ ቅርጹ ይዛባል፣ ላዩ የተቀባው ኒኬል ይነሣል፣ ከዚያ በኋላም እየፋቀ ይሄዳል። ሰረገላውን ለመጣል ካልተወሰነ በስተቀር ሞረድ ምላስ አይነካም።

የጉለሌዋ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አድርጌአለሁ። ምላሱን በጣቴ ገፍቼ ስለቀው በፍጥነት ይወጣል። እጀታውን ተጭኜ ስለቀው ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወጥቶ ይዘገያል፤ የቀረውን እየተጎተተ ነው የሚወጣው። በዚህ ተገርሜ የእጀታውን ብሎኖች በግማሽ ዙር ሳላላቸው ወዲያውኑ ፈጠነ። መልሼ ሳጠብቃቸው እንደገና ዘገየ።

ልኬቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከመዝጊያው የማረፊያ ወገን ፊት እስከ ምላሱ ቀጥ ያለ ጎን 27 ሚሊ ሜትር፤ ከመቃኑ ማረፊያ እስከ መቀበያው ቀዳዳ የክፍል ወገን ጠርዝ 25.5 ሚሊ ሜትር። 13 ሚሊ ሜትሩን በትክክል አስተላልፌ ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ ብዬ የመቃኑን ጥርስ ጥልቀት ስለካው 38.5 ሆኖ አገኘሁት። መዝጊያው 40 ስለሆነ ሲዘጋ ከመቃኑ ፊት በ1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ክፍሉ ይወጣል። ለዓይን የማይታይ ስለሆነ አላስተዋልኩትም ነበር።

መሮ በእጄ፣ እሑድ ምሽት

እንግዲህ ራስሽ አገኘሽው። አሮጌው መቃን የተሠራው ቀጠን ላለ መዝጊያ ነው። ከክፍሉ ወገን 13 ለክተሽ ወደ መቃኑ ስታስተላልፊ መዝጊያውና መቃኑ በፊታቸው እኩል እንደሆኑ ቆጥረሻል፤ እነርሱ ግን በ1.5 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ ይኸው 1.5 ሚሊ ሜትር ምላሱ የሚጎድለው ቦታ ሆነ። በጉልበትሽ ስትገፊው አንዳንዴ የሚገባበትም ምክንያት ግልጽ ነው። መዝጊያው ሲገፋ በጥቂቱ ይጎብጣል፣ ማረፊያው ላይ ያለው ቀለም ይጨመቃል፣ ምላሱም በሰረገላው ውስጥ ትንሽ የመወዛወዝ ቦታ አለው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ጉድለቱን አንዳንዴ ይሸፍኑታል።

ስለዚህ ያለብሽ ሁለት ጥፋት ነው፤ አንደኛው በመዝጊያው፣ ሁለተኛው በመቃኑ። ከመዝጊያው እንጀምር፤ ምክንያቱም የሚዘገይ ምላስ ይዘሽ መቀበያውን ብታስተካክዪ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አትችዪም።

ለሰረገላው የቆፈርሽው ጉድጓድ ስንት ሚሊ ሜትር ስፋት አለው? ሰረገላውን ስታስገቢስ በእጅሽ ገባ ወይስ በመዶሻ?

የጉለሌዋ፣ እሑድ ምሽት

እውነቱን ልናገርና በመዶሻ ነው፤ እንጨት አስደግፌ ቀስ እያልኩ መታሁት። ሰረገላው 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ጉድጓዱንም በ15 ፑንታ በረድፍ ሰርስሬ በመሮ አስተካክዬ ነበር። ጠበቅ ካለ ጥሩ ይይዛል ብዬ ነው።

መሮ በእጄ፣ ሰኞ ጠዋት

ብዙ ጀማሪ እንደዚህ ያስባል። ሰረገላውን የሚይዘው የጉድጓዱ ጥበት አይደለም፤ በመዝጊያው ጠርዝ ላይ የሚታየው የፊት ሰሌዳና ሁለቱ ቪቴዎቹ ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ሰረገላው እንጨት ሳይነካው መቀመጥ አለበት። ለ15 ሚሊ ሜትር ሰረገላ እኔ ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ስፋት እቆፍራለሁ፤ ጥልቀቱንም ከሰረገላው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል አስበልጣለሁ፤ አለበለዚያ ከታች የቀረ ሰጋቱራ ሰረገላውን ወደ ውጭ እየገፋ የፊት ሰሌዳው እኩል እንዳይተኛ ያደርገዋል።

የእጀታው ብሎን ሲጠብቅ ለምን እንደሚዘገይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መዝጊያሽ 40 ነው፤ ከመሐሉ 15 ስታወጪ በእያንዳንዱ ወገን 12.5 ሚሊ ሜትር ያህል ግድግዳ ይቀራል። የእጀታው ብሎኖች ከወገን ወደ ወገን ስለሚያልፉ ሲጠብቁ እነዚህን ሁለት ቀጭን ግድግዳዎች እርስ በርስ ያቀራርቧቸዋል። ውስጥ ያለው ሰረገላ ከሁለት ስስ ቆርቆሮ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ሲጨመቅ በውስጡ የሚሄደውን ምላስ ይይዘዋል። ምላሱን በጣት ሲገፉት መፍጠኑ አያታልልሽ፤ በዚያን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ምላሱ ብቻ ሲሆን፣ በእጀታው ሲሳብ ግን እጀታውን የሚመልሰው ስፕሪንግና አራት ማዕዘኑ ብረት የሚያልፍበት ክብ አካል ሁሉ አብረው ይሽከረከራሉ፤ ግጭቱም የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ እጀታውን፣ ሲሊንደሩንና ሰረገላውን በሙሉ አውጪ። ሲሊንደሩ ሲወጣ ቁልፉን ሰክተሽ ጥቂት ወደ አንድ ወገን ማዞር ያስፈልጋል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከውስጥ ያለው ጥርሱ ይሰካበትና አልወጣም ይልሻል። የጉድጓዱን ሁለት ወገኖች በመሮ እየላጥሽ በእያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስፊ። ሰረገላው በሁለት ጣት ተይዞ ገብቶ በሁለት ጣት መውጣት አለበት። ከዚያ የፊት ሰሌዳውን በቪቴ እሰሪው፤ አራት ማዕዘኑን ብረት ብቻ ያለ እጀታ ሰክተሽ በእጅሽ አዙሪና ልቀቂ። እዚህ ላይ ፈጥኖ ከተመለሰ እጀታዎቹን ግጠሚና እንደገና ሞክሪ። አሁንም ከዘገየ አራት ማዕዘኑ ብረት የሚያልፍበት የመዝጊያው ቀዳዳ ጠቦ ወይም ተንጋዶ ብረቱ እንጨት እየፋቀ ነው ማለት ነው። ብረቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ቀዳዳው 18 ወይም 20 ቢሆን ምንም አይጎዳም፤ እጀታው ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ ማንኛውንም ቀዳዳ ስትሰረስሪ ሰረገላው ጉድጓዱ ውስጥ አይሁን። ውስጡ የገባ ሰጋቱራ ከቅባቱ ጋር ተለውሶ ምላሱን እንደ ኮላ ይይዘዋል።

ከደንቨር፣ ሰኞ ምሽት

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ ሲሆን፣ እዚህ በቤቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው በመዝጊያው ውፍረት ውስጥ ሳጥን የሚቀበርበት ሰረገላ ሳይሆን፣ በሁለት ክብ ቀዳዳዎች የሚገባው ቱቦ መሰል ምላስ ነው። የእኔ ውጭ በር እንዲሁ ያስቸግረኝ ነበር። ከዋናው ምላስ ጎን አንዲት ቀጭን ተጨማሪ ምላስ አለችው፤ እርሷ መቀበያው ሰሌዳ ላይ ተጭና መቅረት ሲገባት፣ እኔ ቀዳዳውን ስላሰፋሁት አብራ ገባች። በሩ ተዘግቶም በቀጭን ካርድ ገፍተው ሊከፍቱት ይቻል ነበር። የቶሎ ይለቅን ምክር የሚከተል ሰው ይህችን ምላስ ሰረገላው ላይ ካየ ቀዳዳውን እንዳያሰፋ ለማስታወስ ያህል ነው።

መሮ በእጄ፣ ሰኞ ምሽት

ከደንቨር፣ እውነት ነው። የእርሷ ሰረገላ ያቺ ተጨማሪ ምላስ የለውም፤ ያለው ሰው ግን ያልከውን ልብ ማለት አለበት።

የጉለሌዋ፣ ማክሰኞ ምሽት

ጉድጓዱን አስፍቼዋለሁ። ሰረገላውን ሳወጣው ጎኑ ላይ እንጨቱ የፋቀበት የሚያብረቀርቅ መስመር ነበረው፤ ስለዚህ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ከታች ደግሞ የጠነከረ ሰጋቱራ አገኘሁ። አራት ማዕዘኑን ብረት ብቻ ሰክቼ ሞከርኩ፤ ፈጥኖ ተመለሰ። እጀታዎቹን ስገጥም አንዱ ወገን አሁንም ጥቂት ይዘገይ ነበር፤ ቀዳዳውን ከሁለቱም ወገን ስመለከተው ከአንድ ወገን ብቻ ሰርስሬ ስለነበር በሌላው ወገን ወደ ታች ተንጋድዶ ወጥቷል። በክብ ሞረድ አስተካከልኩት። አሁን ብሎኖቹ ጠብቀውም ምላሱ ተወንጭፎ ይወጣል።

ወደ መቀበያው ልመለስና፣ 1.5 ሚሊ ሜትሩን ልሞርደው ወይስ መቀበያውን ላዛውረው?

ቶሎ ይለቅ፣ ማክሰኞ ምሽት

1.5 ሚሊ ሜትር በሞረድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ማዛወር ማለት አዲስ መቆፈር፣ አሮጌውን ቀዳዳ መድፈን፣ ቀለም መቀባት ነው። እኔ ብሆን እሞርዳለሁ።

መሮ በእጄ፣ ረቡዕ ጠዋት

በዚህ ጊዜ ቶሎ ይለቅ ያለው አያስነቅፈውም፤ ሆኖም እኔ አዛውረዋለሁ። ጉድለቱ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር መሞረድ ይሻል ነበር። እርሷ ግን 1.5 ጉድለት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማላወሻ ስትጨምር 2 ሚሊ ሜትር ትሞርዳለች። መቀበያው ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ የላይኛውን ብቻ ብትሞርድ የታችኛው፣ ማለትም በቁልፍ የሚወጣው ምላስ የሚገባበት፣ ባለበት ይቀራል። ቁልፉ እስከ አሁን ደህና የዞረላት በሩን በጉልበት ገፍታ ስትቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ በሩ በራሱ ሲያርፍ የታችኛውም ምላስ በዚያው መጠን ይጎድላል። መቀበያውን በሙሉ ካዛወርሽው ሁለቱም ቀዳዳዎች አብረው ይሄዳሉ። ደግሞ ወደ ክፍሉ የታጠፈውና ምላሱን የሚቀበለው ከንፈር ከቀዳዳው ጋር ያለው ርቀት እንደነበረ ይቆያል፤ ስትሞርጅው ግን እየቀጠነ ይሄዳል።

አዛዋወሩ ይህ ነው። መቀበያውን ፍቺው። አሮጌዎቹን የቪቴ ቀዳዳዎች በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስፊና በጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ከኮላ ጋር ድፈኛቸው፤ ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ቆዪ። አንዳንዱ ሰው ክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ያልፈዋል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ግን አዲሱ ቪቴ ወደ አሮጌው ቀዳዳ እየተንሸራተተ መቀበያውን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ከአንድ ወር በኋላም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘሽ ትመጫለሽ። ሲደርቅ መቀበያው የተቀመጠበትን ጉድጓድ ወደ ክፍሉ ወገን በ2 ሚሊ ሜትር አስፊ፤ ከኋላው ያለውን እንጨት ምላሶቹ የሚገቡበትንም ቦታ እንዲሁ አስፊ፤ አለበለዚያ ብረቱ ተዛውሮ እንጨቱ ይከለክላል። ከሰፋው ጥግ በማረፊያው ወገን የሚቀረውን የ2 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ በቀጭን እንጨት ሙዪው።

በመጀመሪያ በአንድ ቪቴ ብቻ አስረሽ በሩን ዝጊና ሞክሪ። ሲሳካ ሁለተኛውን ምቺ። የምላሱ ከፍታ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ምላሱን በጠመኔ ቀቢና በሩን ዝጊው፤ መቀበያው ላይ የሚቀረው ነጭ ምልክት ከቀዳዳው በላይ ወይም በታች ያለውን ርቀት ያሳይሻል።

ዳሞት 7፣ ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ፣ የእኔ ቁልፍ በግማሽ የሚቆመው እንግዲህ በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ነው? ሲሊንደሩን የቀየርኩት በከንቱ ነበር?

መሮ በእጄ፣ ረቡዕ ጠዋት

በሩን ከፍተህ ቁልፉን አዙር። ክፍት ሆኖ በቀላሉ ከዞረና ተዘግቶ ሲሆን ከከበደ ጥፋቱ መቃኑ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩ አላጠፋም። ክፍት ሆኖም ከከበደ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ጠይቅ።

ዋንዛና ጥድ፣ ረቡዕ ምሽት

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የእንጨት መሸጫ ስላለኝ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ሐምሌ ነው። አዲስ የተሠራ ዋንዛ በክረምት እርጥበት ይወስድና በስፋቱ ያብጣል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደርቆ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ የሚደረግ ማስተካከያ በበጋ የተሳሳተ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኔ ብሆን እስከ ጥቅምት እጠብቃለሁ።

መሮ በእጄ፣ ረቡዕ ምሽት

በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ በሌላው አልስማማም። እብጠቱ በስፋት ነው፤ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይቀንሳል እንጂ ከማረፊያው እስከ ምላሱ ያለውን ርቀት ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ መቀበያውን ማዛወር ለጥቅምት የሚቆይ ሥራ አይደለም። የመዝጊያውን ጠርዝ በመላጊያ መላግ ግን በእርግጥ በክረምት አይደረግም፤ በበጋ ክፍተቱ ሰፍቶ ምላሱ የሚገባው ጥቂት ብቻ ይሆናል። ክፍተቱ በአሁኑ ጊዜ ስንት ነው፣ ልጄ?

የጉለሌዋ፣ ሐሙስ ምሽት

በሰረገላው ወገን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ምላሱ ከፊት ሰሌዳው 12 ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መቀበያው ይገባል።

መቀበያውን አዛውሬዋለሁ። ሽብልቁ ሌሊቱን ደርቆ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቪቴ አስሬ ሞከርኩ። ጠመኔው የምላሱን ከፍታ በቀዳዳው መካከል ላይ አሳየኝ፤ ከፍታው ችግር የለበትም። በሩ አሁን በአንድ ጣት ተገፍቶ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል። የታችኛው ምላስም ሳልገፋ ይዞራል። ሁለተኛውን ቪቴ መትቼ ጨርሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በሩ ሲዘጋ የላይኛው ጥግ ማረፊያውን ቀድሞ ይነካል፤ በታች በኩል ደግሞ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሰረገላው አካባቢ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ባይንኳኳም ትንሽ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለው።

ዋንዛና ጥድ፣ ሐሙስ ምሽት

ይህ መዝጊያው የተጠማዘዘ ስለሆነ ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ቫርኒሽ አልተቀባም ይሆናል፤ እርጥበት የሚገባው ከዚያ ነው። የሰረገላውን ጉድጓድ ውስጡንም መቀባት ይገባ ነበር። አሁንም እላለሁ፣ ደርቆ እስኪቀና ድረስ ማረፊያውን አትንኪው።

መሮ በእጄ፣ ሐሙስ ምሽት

መዝጊያውን አውጥታ የታችኛውን ጠርዝ ብትቀባ አልቃወምም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይጠቅማታል። ሆኖም ማረፊያውን በላይኛው ጥግ ላይ በ1 ሚሊ ሜትር መላግ ቢያንስ በሩን እኩል ያሳርፈዋል፤ ዋንዛው ደርቆ ቢቀናም የሚጎዳ ነገር የለውም።

ዋንዛና ጥድ፣ ሐሙስ ምሽት

ቀንቶ ሲመለስ ላይኛው ጥግ ላይ ያ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሆኖ ይታያል፤ ይህስ ጉዳት አይደለም?

መሮ በእጄ፣ ሐሙስ ምሽት

የሚቀና ከሆነ ነው እንጂ። ዋንዛ ሁልጊዜ አይመለስም።

የጉለሌዋ፣ ዓርብ ጠዋት

ለጊዜው ሁለታችሁንም ሰምቼ ማረፊያውን ሳልነካ መዝጊያውን አውርጄ የታችኛውንና የላይኛውን ጠርዝ እንዲሁም የሰረገላውን ጉድጓድ ቫርኒሽ እቀባለሁ፤ ስመልሰው ግን መቀበያውን ከማረፊያው እንደገና እለካዋለሁ። በጥቅምት ጥግ ላይ ስላለው ልዩነት ልኬቱን ይዤ እመለሳለሁ።

ቶሎ ይለቅ፣ ዓርብ ጠዋት

ሰረገላውን ስትመልሺው ዘይቱን አትርሺ።

መሮ በእጄ፣ ዓርብ ጠዋት

ዘይት አይደለም፤ አቧራ ይሰበስባል። የምላሱን ሸርታታ ጎን በሻማ ፈትጊው፤ የመቀበያውንም ከንፈር እንዲሁ።